ማኅተም ያልተመታበት ምስክርነት

ሸምሲያ ከእንግዳ መቀበያው እንደምትነሳ ይማም የሰማው ከሆቴሉ ባለቤት ከአቡ ፈይሰል አፍ ነው። ሽማግሌው ከቀትር ሶላት መልስ እንደ ልማዱ ሎቢው ውስጥ ካለው ሰፊ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ስኳር ያሳበጠውን እግሩን ዘርግቶ፣

«ስማ ያ ይማም፣ አዲሱ ሕግ መጥቷል። ከእንግዲህ ሪሴፕሽን ላይ የሚቆመው የአገር ልጅ ብቻ ነው። የእህቴን ልጅ አመጣለሁ። ሐበሻዋ ከፈለገች ወደ ጽዳቷ ትመለስ፤ ካልፈለገች ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስወጣላታለሁ፣ አገሯ ትግባ» አለው።

ክፋት አልነበረበትም። የተቃጠለ አምፖል ስለ መቀየር የሚናገር ነበር የሚመስለው።

ሆቴሉ ጂዛን ከተማ ውስጥ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አራት ፎቅ ነው። የባሕሩ ጨው የመስኮቱን ብረት በልቶታል፤ የአቧራው ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሎቢው በቀን ሁለቴ ይወለወላል። ወደ ፋራሳን ደሴት የሚሻገሩ ቤተሰቦች የማለዳዋ መርከብ እንዳታመልጣቸው እዚያ ያድራሉ። ኢኮኖሚክ ሲቲ ባለው የነዳጅ ማጣሪያ ለሥራ የሚመጡ መሐንዲሶችም ወር ሁለት ወር ይከርማሉ። በክረምት ደግሞ ወደ አር-ሪስ ተራራ የሚወጡ የሪያድ ሰዎች ያልፉበታል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ይማም ነበር። የወሎ ሰው ነው፣ የቃሉ። ወጣትነቱን እዚሁ ጨርሶ ጢሙ ሸብቷል። ሠራተኛውም እንግዳውም «ሙዲር» ነው የሚሉት፤ ሥራ አስኪያጅ ማለታቸው ነው። አቡ ፈይሰል እንኳ ሰው ፊት ሙዲር ብሎ ይጠራዋል።

ሸምሲያ ወደ ሆቴሉ የመጣችው ከአንድ ሰው ቤት ሠራተኝነት ተዛውራ፣ ክፍል ልታጸዳ ነበር። አንድ ቀን ግብፃዊው የእንግዳ ተቀባይ ለእረፍት ሄዶ በዚያው ቀረ። ይማም የሚያስቀምጠው ሰው ቢያጣ ሸምሲያን መጥረጊያዋን አስቀምጣ ባንኮኒው ጀርባ እንድትቆም አደረጋት። «ሌላ ሰው እስኪገኝ» ነበር ያላት። ሌላ ሰው አልተፈለገም። ሴትዮዋ ዓረብኛውን ከጂዛን አሮጊቶች ቤት ስለ ተማረችው እንደ አገሬው ታወራለች፤ የተቆጣ እንግዳ ታበርዳለች። የእያንዳንዱን እንግዳ መታወቂያ በፖሊሱ መመዝገቢያ ሲስተም ሳታስገባ ለማንም ቁልፍ ሰጥታ አታውቅም። ድንበሩ ቅርብ ነው፤ ወረቀት የሌለውን ሰው ያሳደረ ሆቴል ይዘጋል፣ ያሳደረውም ይታሰራል። የአገሯ ልጆች፣ የየመንን በረሃ አቋርጠው የመጡ ጎረምሶች፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ በሩ ላይ ሲቆሙ ውሃና ዳቦ አቀብላ፣ ዓይናቸውን ሳታይ «ሂዱ፣ እዚህ አትቁሙ» ትላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብታ ትቆያለች። ይማም ያያል፣ አይጠይቃትም።

ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ላይ የሥራ መደቧ «የጽዳት ሠራተኛ» እንደሚል ሁሉም ያውቃል። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም።

የአቡ ፈይሰልን ቃል ሲነግራት ሸምሲያ አላለቀሰችም። የቁልፍ ካርዶቹን እየደረደረች ሰማችው።

«ወደ ጽዳት አልመለስም፣ ጋሽ ይማም» አለች በመጨረሻ። «ጽዳትን ንቄ አይደለም። እሷ ልጅ እዚህ ቆማ፣ እኔ ከፊቷ ባልዲ ይዤ ማለፍ አልችልም። ደግሞ የምነግርህ ነገር አለ።»

አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆቴል ሊከፈት መሆኑን የአክስቷ ልጅ ነግራት አመልክታ ነበር። በስልክ በምስል ቃለ መጠይቅ አድርገውላታል። ዓረብኛ የሚችል የእንግዳ ተቀባይ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ የባሕረ ሰላጤው እንግዳ ይበዛልና። ወደዋታል። የቀራት ከአሠሪዋ የሥራ ልምዷንና ጠባይዋን የሚመሰክር ደብዳቤ ማቅረብ ነው፣ ፊርማና ማኅተም ያለው።

«እሱ ምን ችግር አለው? ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ» አላት ይማም።

ሸምሲያ ወደ ሎቢው ዞር ብላ አየች። አቡ ፈይሰል ሄዷል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጻፍልኝና ማኅተሙን ምታበት። መሳቢያህ ውስጥ አይደል ያለው? በየቀኑ ደረሰኝ ላይ ትመታው የለ? ለሽማግሌው ግን አትንገረው። በአላህ።»

«እንዴት አልነግረውም? ከፊልሽ፣ ኢቃማሽን የያዘው አሠሪሽ ነው፤ ሆቴሉ የሱ ነው።»

«ከጠየቅኸው እምቢ ይላል።»

«አይልም። አቡ ፈይሰልን አንቺ አታውቂውም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ይማም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ደብዳቤውን ጻፈ። ጽሑፍ አይወድም ነበር፤ ይሄኛውን ግን ወደደው። «ወይዘሪት ሸምሲያ በሆቴላችን የእንግዳ ተቀባይ ሆነው ለአምስት ዓመታት ሠርተዋል» ብሎ ጀመረ። እንግዳ አስገብታ ማስወጣቷን፣ የክፍል ቦታ ማስያዙን፣ ቀን የገባውን ገንዘብ ማስረከቡን ሁሉ ብቻዋን እንደምትወጣው ጻፈ። አንድ ጊዜ እንኳ ሒሳብ ጎድሎባት እንደማያውቅ ጻፈ። በየመኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከድንበሩ ማዶ የተተኮሰ ነገር ከተማው ዳር በወደቀበት ሰሞን፣ እንግዶቹ በሌሊት ልብሳቸው ወደ ሎቢው ሲወርዱ ስልኩን ሳትለቅ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች እንዳረጋጋች ጻፈ። መጨረሻው ላይ «ዕድሉን ባገኝ ነገም መልሼ እቀጥራቸዋለሁ» አለና ስሙን፣ ከስሙም ሥር «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን አሰፈረ። ሸምሲያ ከሥሩ እንግሊዝኛውን ጨመረችበትና በሆቴሉ አርማ ባለው ወረቀት አተሙት።

ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነበር። መሳቢያውን ከፈተው። እንጨት እጀታው በእጁ ላብ ጠቁሯል። አነሣው፣ መልሶ አስቀመጠው። የሰው ንብረት ነው ብሎ አሰበ። ሃያ ዓመት በሐቅ ኖሬ ዛሬ ተደብቄ አልመታም ብሎ አሰበ። ከዚህ ሌላም ያሰበው ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ በሱ ኢቃማ ላይ ናቸው፤ የሱ ኢቃማ ደግሞ በአቡ ፈይሰል እጅ ነው። መሳቢያውን ዘጋው።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወረቀቱን ይዞ ሶፋው ፊት ቆመ። አቡ ፈይሰል አንገቱ ላይ የፉል፣ የጃስሚን አበባ ጉንጉን አስሮ፣ ከአንድ ዘመዱ ኒካሕ መልስ፣ ደስ ብሎት ነበር። ይማም ጊዜው ጥሩ መሰለው። የደብዳቤውን ፍሬ ነገር በዓረብኛ አስረዳው።

የሽማግሌው ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ።

«የእንግዳ ተቀባይ ነበረች በለኛ።»

«ነበረች እኮ፣ ዐሚ።»

«እኔና አንተ እናውቃለን። መንግሥት የሚያውቀው የጽዳት ሠራተኛ መሆኗን ነው። ከመደቧ ውጭ አምስት ዓመት አሠራኋት ብዬ በገዛ ማኅተሜ ልፈርም? ሰብያ ከተማ ያለውን የአቡ ናስርን ሆቴል ሲቀጡት አላየህም?»

«ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። እዚህ ማን ያየዋል?»

«ወረቀት ነዋ! አንዴ ከቤቴ ከወጣ የት እንደሚገባ አላውቅም። ነገ ተጣልታኝ ሥራና ሠራተኛ ቢሮ ይዛው ብትሄድስ?» አቡ ፈይሰል ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሕጉ የአገልግሎት ወረቀት ስጥ ይለኛል፣ እሰጣለሁ። መቼ ገባች፣ መቼ ወጣች፣ መደቧ ምንድን ነው፣ ደመወዟ ስንት ነው። ከዚያ ያለፈ ምንም የለብኝም። ኸላስ።»

ሽማግሌው የይማምን ትከሻ ተደግፎ ተነሣ፤ ሁሌም እንደሚያደርገው። ከዚያ ወደ ቢሮው አብሮት ገባና፣ እያዘነ፣ ልክ እንደ አባት፣ «አንተን ሳልጠራጠር ነው» ብሎ መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን ወሰደ። «ደረሰኝ ሲኖር ጥራኝ።»

ይማም ሄዶ ለሸምሲያ ነገራት። ሁለት እጇን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።

«ጠየቅኸው» አለች።

«ጠየቅሁት።»

«አትጠይቀው ብዬህ ነበር።»

«እምቢ የሚል አልመሰለኝም፣ እኅቴ። ወላሂ አልመሰለኝም።»

«ላንተ እምቢ ብሎህ አያውቅማ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ አነሣችውና በዚያ በተለመደው ለዛዋ ለአንድ ሰው ክፍል ያዘችለት።

ወደ አዲስ አበባ ሁለት ወረቀት ተላከ። አንዱ አቡ ፈይሰል ያሳተመው ነው፤ አርማ፣ ፊርማና ሰማያዊ ክብ ማኅተም አለው፣ ውስጡ «የጽዳት ሠራተኛ» ይላል። ሌላው ይማም እንደገና በተራ ነጭ ወረቀት ያሳተመው ነው፤ አርማም ማኅተምም የለውም፣ ፊርማውና ስልክ ቁጥሩ ብቻ። ሸምሲያ የመጀመሪያውን መላክ አልፈለገችም ነበር። ግን ማኅተም ያለው ካልመጣ ማመልከቻዋ እንደማይታይ የአዲስ አበባዎቹ ደጋግመው ነገሯት፤ ኹሩጇም ወጥቷል፤ አገር ለመልቀቅ የተሰጣት ጊዜ መቁጠር ጀምሯል። የሁለቱን ወረቀት ልዩነት ይማም በስልክ ያስረዳል ብለው ተስማሙ።

ስልኩ የተደወለው ይማም ጣሪያው ላይ የውሃ ጋኑን ሲያይ ነው። ፀሐዩ ሲሚንቶውን አግሎት ነበር። ፀደኒያ እባላለሁ አለች፣ ከአዲስ አበባው ሆቴል የሰው ኃይል ክፍል፤ ድምፅዋ የወጣት ነው፣ ትሑት ነው።

«አቶ ይማም፣ ስለ ወይዘሪት ሸምሲያ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ? ጊዜ አለዎት?»

«አለኝ፣ ልጄ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

ጠየቀችው። ስንት ዓመት ሠራች፣ ሰዓት ታከብራለች ወይ፣ ገንዘብ አያያዟ እንዴት ነው፣ ከእንግዳ ጋር ስትጋጭ ምን ታደርጋለች፣ ለምን ትለቃለች። ይማም መለሰላት፣ ከተጠየቀውም በላይ ተናገረ። ስለ ሕጉ ለውጥ ነገራት። የሚጥል በሽታ የተነሣበትን የአንድ መሐንዲስ ነገር፣ ሸምሲያ እንዴት አምቡላንስ እስኪመጣ ጭንቅላቱን ይዛ እንደቆየች ነገራት። ሲያወራ ትኩስ ጣሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። በመጨረሻም የሁለቱን ወረቀት ነገር ገለጠላት፤ የኢቃማው መደብ ሌላ፣ የሚሠራው ሥራ ሌላ መሆኑን፣ እዚያ አገር ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚኖር።

ፀደኒያ በጥሞና ሰማችው።

«ይገባኛል» አለች። «ይሄ የሚያጋጥም ነገር ነው። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። እርስዎ ሥራ አስኪያጅ መሆንዎን የሚያሳይ ነገር፣ የመኖሪያ ፈቃድዎን ወይም የሥራ መታወቂያዎን ፎቶ ይላኩልኝ። የርስዎን ደብዳቤ ከዚያ ጋር አያይዤ ለአለቃዬ አስረዳለሁ።»

ይማም መራመዱን አቆመ።

«አቶ ይማም? ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«ካስቸገረዎ…»

«የኔም ኢቃማ ሥራ አስኪያጅ አይልም» አለ። «ሹፌር ነው የሚለው።»

ስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ሳቅ፣ የወረቀት ማተሚያ ድምፅ ይሰማል። ፀደኒያ ግን አልሳቀችም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር።

«አቶ ይማም» አለች፣ «እኔ አምኜዎታለሁ። ግን እኔ ማመኔ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው። እሱ የጽዳት ሠራተኛ ይላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ የእንግዳ ተቀባይ ነኝ ብላለች። አለቃዬ ይሄን ሲያይ ምን እንደሚል ያውቃሉ።»

«ዋሽታለች ይላል።»

ፀደኒያ የምትችለውን እንደምትሞክር ነግራው፣ አመስግና ዘጋች።

ይማም ጣሪያው ላይ ብዙ ቆየ። ታች መንገዱ ላይ የዓሣ መኪና ውሃ እያንጠባጠበ ያልፋል። ሃያ ዓመት ሙዲር ተብሎ ተጠርቷል። ጠዋት ሲገባ ዘበኛው ይነሣለታል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲባሉ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ይላሉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሽማግሌ አፍ የወጣ ቃል ነው፤ ሽማግሌው ዝም ያለ ቀን ይማምም ሹፌር ነው። ይህን ድሮም ያውቀው ነበር፣ ግን እንዲህ ለሌላ ሰው በቃሉ ተናግሮት አያውቅም።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። የእንግዳ ተቀባይነቱ ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል። ሆኖም ባቀረበችው ማስረጃ መሠረት በክፍል አስተናጋጅነት፣ ማለት ክፍል በማጽዳትና አልጋ በማንጠፍ ሥራ፣ ሊቀጥሯት ፈቃደኞች ናቸው። ሸምሲያ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አዙራ አስነበበችው። አጠገቧ የአቡ ፈይሰል የእህት ልጅ ተቀምጣለች፤ ዓይን አፋር፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ሸምሲያን «አብላ»፣ መምህርቴ፣ እያለች ሲስተሙን ትማራለች። አማርኛውን ስለማታውቅ ፈገግ እያለች ሁለቱን ታያቸዋለች።

«እንደገና ልደውልላት» አለ ይማም። «ለአለቃዋ ራሱ ልደውል። ከዚህ የሚመሰክሩልሽ እንግዶች ፈልጌ አመጣለሁ፤ ያ መሐንዲስ አለ…»

«ተወው፣ ጋሽ ይማም።»

«ሌላም ሆቴል አለ፣ ሸምሲ። አዲስ አበባ ሞልቷል።»

«የትም ብሄድ ያቺኑ ወረቀት ነው የማሳየው» አለች። «ሌላ የለኝም።»

«ታዲያ የጽዳቱን ሥራ ትገቢበታለሽ?»

«የማላውቀው ሥራ አይደለም።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረችና በዓረብኛ፣ «እንግዳው ስሙን እስኪነግርሽ አትጠብቂ፣ መታወቂያውን ስትቀበይ ራስሽ አንብበሽ በስሙ ጥሪው። ደስ ይለዋል» አለቻት።

አውሮፕላን ማረፊያ የወሰዳት ይማም ነው። አቡ ፈይሰል ለመንገድ የሚሆን ሽቶና የልብስ ጨርቅ በፌስታል ልኮላት ነበር፤ በራሱ ገንዘብ፣ ከልቡ። ፌስታሉን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የፍተሻ ኬላው ላይ ወታደሩ ወረቀታቸውን ሲጠይቅ ሁለቱም ኢቃማቸውን አወጡ። ወታደሩ የይማምን አየና መለሰ፣ የእሷን አየና መለሰ። የሚጠራጠርበት ነገር አልነበረም፤ ሹፌር የጽዳት ሠራተኛ ያደርሳል።

መኪናው ሲቆም ይማም ሞተሩን አላጠፋም። ከቤቱ ጀምሮ ሊላት ያሰበው ብዙ ነበር።

«ሸምሲ፣ ያን ቀን… መሳቢያውን ከፍቼው ነበር። ማኅተሙን በእጄ ይዤው ነበር» አለ።

ሸምሲያ ሂጃቧን እያስተካከለች ወደ ፊት ተመለከተች።

«እሱን ባትነግረኝ ይሻል ነበር» አለችው። ሻንጣዋን ራሷ አወረደች። ለሚስቱና ለልጆቹ ሰላምታ ላከች፣ ጉንጩን ሳመችው፣ ገባች። ፌስታሉ የኋላ ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር። ይማም ይዞላት ሮጠ፤ ግን ከመስታወቱ ወዲያ ከሰው ጋር ተቀላቅላለች፣ ፖሊሱም አላሳልፍህም አለው።

ለዒድ ደወለላት። ቶሎ አነሣችው። ዒድ ሙባረክ ተባባሉ፤ ልጆቹን ጠየቀችው፣ እሱም እናቷን ጠየቃት። ከኋላዋ የሚገፋ ጋሪ ጎማ ድምፅ ነበር፣ የሚዘጋ በር ነበር።

«ሥራ እንዴት ነው?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ያቺ ፀደኒያ የምትባለዋ… ከጊዜ በኋላ ወደ ሪሴፕሽኑ መዛወር ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻታል?»

«ጠየቅኋት። ከውጭ የመጣ የሥራ ልምድ ካለሽ አምጪ አለችኝ» አለች ሸምሲያ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለገ፣ አጣው። «ጋሽ ይማም፣ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ኃላፊዋ እየመጣች ነው። መልሼ እደውላለሁ።»

ይማም ስልኩን በእጁ እንደያዘ ባንኮኒው አጠገብ ቆመ። የማለዳዋን የፋራሳን መርከብ የሚጠብቅ ቤተሰብ ገብቶ ነበር፤ ልጆቹ ሻንጣ ላይ ተኝተዋል። የአቡ ፈይሰል የእህት ልጅ የአባትየውን መታወቂያ ተቀብላ አነበበችና በስሙ ጠራችው። ሰውየው ደስ አለው። ይማም ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ሸምሲያ ያን ቀን አልደወለችም፤ ከዚያም በኋላ አልደወለችም።